የተክል ሴል ሥዕል ላይ ስም ስትጽፉ ማርክ የሚቆረጠው መስመሩ ጫፍ ላይ ነው

«ቲቸር፣ ስሞቹን በሙሉ ጽፋለች፤ ስፔሊንጓም ልክ ነው። ታዲያ ለምን ከ8 4 አገኘች?»

ሐዋሳ ውስጥ ባዮሎጂ ማስጠናት ከጀመርኩ ወዲህ ይህ ጥያቄ ሳይመጣልኝ ያለፈ ሴሚስተር የለም። እናት ትጠይቀኛለች፣ ታላቅ ወንድም ይጠይቀኛል፣ አንዳንዴም ተማሪዋ ራሷ የወርክሺቱን ፎቶ በቴሌግራም ትልክልኛለች። መልሱ ሁሌም አንድ ስለሆነ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ብዙ ተማሪ ስም ሸምድዶ ይመጣል። ወርክሺቱ የሚጠይቀው ግን «የሴል ክፍሎችን ዘርዝር» ብሎ አይደለም። «ይህ መስመር የነካው ነገር ምንድን ነው?» ነው የሚለው። ስሙን ማወቅና መስመሩን ማንበብ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ማርኩ የሚሄደው ሁለተኛው ላይ ነው።

እዚህ የማሳያችሁ በተክል ሴል ሥዕል ነው፤ ብዙ ስህተት የማየው እሱ ላይ ነውና። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ወረቀታችሁ ላይ ስሞቹን የምትጽፉት በእንግሊዝኛ ነው። እኔ ክፍል ውስጥ እንደምንጠራቸው በራሳችን ፊደል እጽፋቸዋለሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ጫፉ በደንብ የተቀረጸ ኤችቢ እርሳስ
- ወረቀት የማይቀድ ለስላሳ ላጲስ
- ማስመሪያ
- አንድ ቁራጭ ወረቀት፣ ለጊዜያዊ ማስታወሻ
- የሚነበብ የወርክሺቱ ኮፒ

እስክሪብቶ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። አስተማሪያችሁ በእስክሪብቶ ካላችሁ፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ ስሙን ብቻ በእስክሪብቶ ድገሙት። መስመሩ እርሳስ እንደሆነ ይቅር።

የመጨረሻዋን ዕቃ ቀላል አድርጋችሁ አትዩዋት። የኮፒ ኮፒ የሆነ ወረቀት ላይ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ተጣብቀው አንድ ወፍራም መስመር ይሆናሉ። የተክል ሴል ላይ ደግሞ ከውጭ ያሉት ሁለት መስመሮች የተለያየ ስም አላቸው። ከተጣበቁ ጥያቄው ራሱ ጠፍቷል ማለት ነው። ኮፒያችሁ እንዲህ ከሆነ ገምታችሁ አትጻፉ። ጥሩ ኮፒ የደረሰው ጓደኛ ካለ የሱን በስልክ አንሡና አጉልታችሁ እዩት።

1. ርዕሱንና ትእዛዙን አንብቡ፣ መስመሮቹን ቁጠሩ

የተክል ሴል ነው ወይስ የእንስሳ? ተማሪ ይህን ሳያነብ ነው ወደ ሥዕሉ የሚሮጠው። ሥዕሉ ላይ ርዕስ ከሌለ ቅርጹን እዩ። ጥግ ያለው፣ ሳጥን የሚመስል፣ ዙሪያውን ወፍራም ድንበር ያለው ከሆነ የተክል ነው። ክብ ወይም ቅርጸ ቢስ ሆኖ ድንበሩ አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ከሆነ የእንስሳ ነው።

ይህ የሚጠቅመው ምን ምን መጠበቅ እንዳለባችሁ ስለሚወስን ነው። ሴል ዎል፣ ክሎሮፕላስትና ትልቅ ቫኪዩል የእንስሳ ሴል ላይ አይጠበቁም። ማይቶኮንድሪያ ግን ሁለቱም ላይ አለ። «ተክል ክሎሮፕላስት ስላለው ማይቶኮንድሪያ አያስፈልገውም» የሚል ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም። ተክልም ይተነፍሳል፤ ስለዚህ አለው።

2. እያንዳንዱን መስመር እስከ ጫፉ ተከተሉ፤ ስም ግን አትጻፉ

እርሳሱን መስመሩ ላይ አድርጋችሁ ከቁጥሩ ተነሡና ሥዕሉ ውስጥ እስከሚያልቅበት ድረስ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ያለቀበት ቦታ ላይ ትንሽ፣ ቀላል ነጥብ አድርጉ። ከዚያ በቁራጩ ወረቀት ላይ ያያችሁትን ብቻ በተራ ቃል ጻፉ። «ወፍራሙ ድንበር»፣ «ሰፊ ነጭ ቦታ»፣ «ትልቁ ክብ» ዓይነት።

ለምን? መስመሩ ወደ ውስጥ ሲገባ ሌሎች ነገሮችን አቋርጦ ያልፋል። ኑክሊየስን የሚያመለክት መስመር መጀመሪያ ሴል ዎልን፣ ከዚያ ሴል ሜምብሬንን፣ ከዚያ ሳይቶፕላዝምን ያቋርጣል። ያቋረጠው አይቆጠርም። የሚቆጠረው የቆመበት ነው። ዓይን ብቻውን ሲሄድ ደግሞ መንገድ ላይ ባገኘው ትልቅ ነገር ላይ ይቆማል።

ስሙን ያዘገየሁት በምክንያት ነው። አንዴ ስም ከጻፋችሁ በኋላ ዓይናችሁ የጻፋችሁትን የሚደግፍ ነገር መፈለግ ይጀምራል።

3. ከውጭ ጀምሩ፦ ዎልና ሜምብሬን

ብዙ ማርክ የሚቀልጠው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

የባጃጅ ጎማ አስቡ። ከውጭ ጠንካራው ጎማ አለ። ከውስጥ ደግሞ ቀጭኑ ከመነዳሪ። አየር ሲሞላ ከመነዳሪው ከጎማው ጋር ተጣብቆ ይወጠራል። ከውጭ ሆናችሁ ስታዩ ጎማውን እንጂ ከመነዳሪውን አታዩትም፤ ግን አለ። ሴል ዎል ጎማው ነው። ከሴሉሎስ የተሠራ፣ ጠንካራ፣ ቅርጹን የሚይዝ ነው። ሴል ሜምብሬን ከመነዳሪው ነው። ቀጭን ነው፤ ውሃ በሞላው ሴል ውስጥ ከዎሉ ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል።

ሠዓሊው ይህን የሚያሳየው እንዲህ ነው። ዎሉን ውፍረት ይሰጠዋል፤ ማለትም ሁለት መስመር ሠርቶ በመካከላቸው ክፍተት ይተዋል ወይም ያጠቁረዋል። ከዚያ ውስጥ፣ ዎሉን ተጠግቶ፣ አንዲት ቀጭን መስመር ይስላል። እሷ ሜምብሬኗ ናት። ስለዚህ ነጥባችሁ ውፍረቱ ውስጥ ካረፈ ሴል ዎል ነው። ውስጠኛዋ ቀጭን መስመር ላይ ካረፈ ሴል ሜምብሬን ነው።

ጎማው ላይ ምሳሌው የማይሠራበት አንድ ቦታ አለ። ጎማ ውሃ አያሳልፍም፤ ሴል ዎል ግን ውሃንም በውሃው የሟሟውንም ያሳልፋል። የሚመርጠው ሜምብሬኑ ነው። ይህን የጠቀስኩት አንዳንድ ወርክሺት ላይ «ጨው ወይም ስኳር በበዛበት ውሃ ውስጥ የቆየ ሴል» ስለሚመጣ ነው። እዚያ ከመነዳሪው እንደተነፈሰ ጎማ ሜምብሬኑ ከዎሉ ተላቆ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። በሁለቱ መካከል በተፈጠረው ባዶ ቦታ ላይ መስመር ካረፈ መልሱ «አየር» ወይም «ሳይቶፕላዝም» አይደለም። ዎሉን አልፎ የገባው የውጭው ጨዋማ ወይም ስኳራማ ውሃ ነው።

4. ሰፊው ነጭ ቦታ ባዶ አይደለም

ባደገ የተክል ሴል ውስጥ ቫኪዩሉ ብዙ ጊዜ ከግማሽ በላይ ቦታ ይይዛል። ሠዓሊዎች ነጭ አድርገው ስለሚተዉት ተማሪ «ምንም የለበትም» ብሎ ያልፈዋል ወይም ሳይቶፕላዝም ይለዋል።

መለያው ድንበሩ ነው። ቫኪዩል የራሱ ዙሪያ መስመር አለው። ነጥባችሁ ያረፈበትን ነጭ ቦታ ተከትላችሁ ዙሩ። ራሱን በቻለ መስመር ከተከበበ ቫኪዩል ነው። ሳይቶፕላዝም ግን የራሱ ቅርጽ የለውም። በሜምብሬኑና በቫኪዩሉ መካከል የቀረውን ቦታ የሚሞላው እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ጠባብ ይሆናል፤ በነጠብጣብ ወይም በቀላል ግራጫ ይሞላል። ክሎሮፕላስቶቹ ተንሳፈው የምታዩዋቸው እሱ ውስጥ ነው።

ጫፉ የቫኪዩሉ ዙሪያ መስመር ላይ በትክክል ካረፈና የተሰጣችሁ የስም ዝርዝር ውስጥ «ቶኖፕላስት» የሚል ካለ፣ መልሱ እሱ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ቫኪዩል በሉት።

5. ኑክሊየስና በውስጡ ያለው ነጥብ

ኑክሊየሱ መሐል ላይ እንዲሆን አትጠብቁ። የተክል ሴል ላይ ቫኪዩሉ ገፍቶ ወደ ዳር ያደርገዋል። ትልቁ ክብ ውስጥ ጠቆር ያለ ትንሽ ክብ ካለ እሱ ኑክሊዮለስ ነው። ስማቸው ስለሚመሳሰል ስትጽፉ ፍጥነት ቀንሱ። አንዲት የተሳሳተች ክፍለ ቃል መልሱን ወደ ሌላኛው ክፍል ትቀይረዋለች። ያኔ አራሚው እንደ ስፔሊንግ ስህተት አያልፈውም።

6. ሁለቱ እንቁላሎች

ክሎሮፕላስትም ማይቶኮንድሪያም የእንቁላል ቅርጽ አላቸው። ትልቁ ክሎሮፕላስት ነው። ግን በመጠን ብቻ አትፍረዱ፤ ሠዓሊ ሁልጊዜ መጠን አይጠብቅም። ውስጣቸውን እዩ። ክሎሮፕላስት ውስጥ እንደ ተደራረበ ሳንቲም የሚመስሉ ክምሮች አሉ። ማይቶኮንድሪያ ውስጥ የተጣጠፈ፣ ወደ ውስጥ የሚገባና የሚወጣ አንድ መስመር አለ።

ሌላም ነገር። ማይቶኮንድሪያ የብዙ ቁጥር ነው። መስመሩ አንዷን ብቻ ከነካ ትክክለኛው ስም ማይቶኮንድሪየን ነው። ብዙ አስተማሪ ሁለቱንም ይቀበላል፤ ሁሉም ግን አይደለም።

7. አሁን የስም ዝርዝሩን ክፈቱ

ወርክሺቱ ላይ በሳጥን ውስጥ ስሞች ከተሰጡ እስካሁን አለማየታችሁ ጥሩ ነው። አሁን በቁራጩ ወረቀት ላይ ከጻፋችሁት ጋር አዛምዱ። መጀመሪያ የማትጠራጠሩበትን ጻፉ፤ ከዚያ የሚያጠራጥረውን። እያንዳንዱን የተጠቀማችሁበትን ስም በእርሳስ በቀላሉ ሰርዙ።

ስሞቹ ከመስመሮቹ ከበዙ ትርፉ ወጥመድ ነው። ለምሳሌ «ሴንትሪዮል» የሚል ካያችሁ የእንስሳ ሴል ክፍል ነው። እንደ ሽንኩርትና ባቄላ ባሉ አበባ የሚያወጡ ተክሎች ሴል ውስጥ የለም። «ስም ተርፎኛልና የሆነ ቦታ ላስገባው» ማለት ትክክል የነበረውንም ማፍረስ ነው።

8. መስመሩን ራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ

በማስመሪያ ሥሩ። መስመሩ ክፍሉን በትክክል ይንካ። አንድ ሚሊሜትር ቀድሞ ከቆመ ሌላ ክፍል ላይ ቆሟል። ጫፉ ላይ ቀስት አታድርጉ፤ የቀስቱ ራስ ወፍራም ስለሆነ ዎሉንና ሜምብሬኑን አንድ ላይ ይሸፍናቸዋል። መስመሮች እርስ በርስ አይቋረጡ። ስሞቹን ከሥዕሉ ውጭ፣ ቢቻል በአንድ በኩል፣ ከላይ ወደ ታች አሰልፋችሁ አግድም ጻፉ። ገጹን አዙሮ የሚያነብ አራሚ የለም።

9. ወደ ኋላ ፈትሹ

ሲጀመር ከመስመር ወደ ስም ሄዳችሁ ነበር። አሁን ከስም ወደ መስመር ተመለሱ። «ክሎሮፕላስት» የሚለውን አንብቡና ሥዕሉ ላይ ሳትከተሉ ክሎሮፕላስት የት እንዳለ በጣት ጠቁሙ። ከዚያ መስመሩ እዚያ መድረሱን እዩ። በተመሳሳይ አቅጣጫ ደግሞ መፈተሽ ያንኑ ስህተት ደግሞ ማየት ነው።

ከ8 4 ያገኘችው ልጅ ወረቀት

ወረቀቷ እጄ ላይ ነበር። 8 መስመርና 9 ስም ያለው የተክል ሴል ወርክሺት ነው። እንዲህ ነበር የመለሰችው፦

- 1 (ወፍራሙ ውጫዊ ድንበር)፦ ሴል ሜምብሬን ✗
- 2 (ውስጠኛዋ ቀጭን መስመር)፦ ሴል ዎል ✗
- 3 (ሰፊው ነጭ ቦታ)፦ ሳይቶፕላዝም ✗
- 4 (ነጠብጣብ ያለበት ጠባብ ቦታ)፦ ቫኪዩል ✗
- 5 (ወደ ዳር ያለው ትልቅ ክብ)፦ ኑክሊየስ ✓
- 6 (በውስጡ ያለው ጥቁር ነጥብ)፦ ኑክሊዮለስ ✓
- 7 (ክምር ያለበት እንቁላል)፦ ክሎሮፕላስት ✓
- 8 (የታጠፈ መስመር ያለበት ትንሽ እንቁላል)፦ ማይቶኮንድሪየን ✓

ሴንትሪዮል የሚለውን ትታዋለች፤ ጎበዝ። ስህተቶቹን ግን እዩዋቸው፤ ጥንድ ጥንድ ናቸው። ከተሰጠ ዝርዝር ውስጥ ስትመርጡ አንዱን ስም ያለቦታው ካስገባችሁ የዚያ ስም ባለቤትም ስም አልባ ይቀራል። ስለዚህ አንድ መሳሳት ሁለት ማርክ ይወስዳል። እሷ የተሳሳተችው አራት ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ ነው።

የሁለቱም ምንጭ ደግሞ አንድ ነበር። «ሴልን እንዴት ነው ያጠናሽው?» ስላት ደብተሯን አሳየችኝ። የሸመደደችው የእንስሳ ሴል ነው። እዚያ የመጨረሻው ውጫዊ ድንበር ሜምብሬን ነው፤ ሰፊው ቦታም ሳይቶፕላዝም ነው። ያንን ቦታ በቦታ አምጥታ የተክሉ ላይ ለጠፈችው። ስሞቹ ልክ፣ ስፔሊንጉ ልክ፣ ቦታው ግን የሌላ ሴል። የእናንተም ስህተት እነዚሁ ሁለት ጥንዶች ላይ ከሆነ፣ የምታጠኑበትን ሥዕል ርዕስ እዩ።

ሥዕሉ ከማይክሮስኮፕ የተሣለ ከሆነ

ላብራቶሪ ውስጥ የሽንኩርት ቅርፊት ስስ ሽፋን አይታችሁ የሣላችሁት ላይ ሌላ ሕግ አለ። ያላያችሁትን አትሰይሙ። የክፍሉ ማይክሮስኮፕ በብርሃን የሚሠራ ነው፤ ከ0.2 ማይክሮሜትር ገደማ በታች የተቀራረቡ ነገሮችን ለይቶ ማሳየት አይችልም። ሜምብሬኑ ደግሞ ከዚያ ከ20 ጊዜ በላይ ይቀጥናል። ስለዚህ ውሃ በሞላው ሴል ላይ ከዎሉ ተለይቶ አይታያችሁም። አዮዲን ከጨመራችሁ ዎሉ፣ ኑክሊየሱና ሳይቶፕላዝሙ ይለያሉ።

ክሎሮፕላስትም አትጻፉ። የምንበላው የሽንኩርት ክፍል አፈር ውስጥ ብርሃን ሳያገኝ የሚያድግ ነው፤ ክሎሮፕላስት አታገኙበትም። «የተክል ሴል አይደል እንዴ?» ብላችሁ ብትጨምሩት አስተማሪው ማይክሮስኮፑን ሳታዩ ከመጽሐፍ እንደገለበጣችሁ ወዲያው ያውቃል።

አዮዲኑን ስትጠቀሙ አንድ ጠብታ ይበቃል። ከበዛ ሁሉም ነገር ቡናማ ሆኖ ኑክሊየሱ ይጠፋችኋል። ዩኒፎርም ላይ ካረፈም ቶሎ አይለቅም።